የጋይንት ድጓና የሮም መዘምራን፦ አንድ ድምፅ ማለት ኋላ ቀር ማለት ነው?

በየጊዜው የሚነሳ አንድ ክርክር አለ። አውሮፓውያን ገና በ16ኛው ክፍለ ዘመን አራትና ስድስት ድምፅ አስማምተው ሲዘምሩ የእኛ ሊቃውንት ለምን አንድ ዜማ ላይ ቆሙ? ጥያቄውን የሚያነሳው ሰው መልሱን አብሮ ይዞ ይመጣል፤ «ስላልሠለጠንን ነው» ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ «የእኛ መንፈሳዊ ነው፣ የእነሱ ዓለማዊ ነው» ብሎ በሩን ይዘጋል። ሁለቱም ወገን አንድም ቀን የሮምን መዝሙር መጽሐፍ ገልጦ፣ ወይም ጋይንት ወርዶ ድጓ ሲቀጸል ቁጭ ብሎ አልሰማም። ነገሩ ግን ከሁለቱም መልስ የበለጠ የሚያስገርም ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከደብረ ታቦር ተነስቶ ጉናን አልፎ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ሰው ጋይንት ይደርሳል። ቤተልሔም እዚያ ነው። ድጓ የሚማር ሰው ከየትም አገር ቢነሳ የመጨረሻው ማስመስከሪያ ቤተልሔም ነው፤ የቆማ፣ የአጫብር፣ የተጉለት የዜማ ስልት ቢኖርም በአብዛኛው አብያተ ክርስቲያናት የሚሰማው የቤተልሔም ነው። ዝማሬና መዋሥዕት የሚመሰከርበት ዙር አባም በዚያው በጋይንት ነው። ደብረ ታቦር ደግሞ የአቋቋም ከተማ ናት፤ የተክሌ ዝማሜ የሚባለው ከዚያ ወጥቶ አገር አዳረሰ። ስለዚህ «ለምን አንድ ድምፅ?» የሚለው ጥያቄ አድራሻ ካለው አድራሻው ደቡብ ጎንደር ነው።

ትውፊቱ ዜማውን ለቅዱስ ያሬድ ይሰጣል። ከቃሉ በላይ በደቃቅ የሚጻፈው ምልክት ግን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ከ1540 እስከ 1559 ባለው ጊዜ፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደተደራጀ ይነገራል። ይህን ቀን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ዛርሊኖ የተባለው የቬኒስ ሊቅ ብዙ ድምፅ እንዴት እንደሚስማማ የጻፈውን ትልቁን መጽሐፉን ያሳተመው በ1558 ነው፤ ገላውዴዎስ በጦር ሜዳ ከመውደቁ አንድ ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። ፓለስትሪና በሮም የሠራውም በእነዚሁ ዓመታት ነው። ሁለቱም አገር በአንድ ዘመን የቤተ ክርስቲያን ዜማውን አጠራ፣ ደንብ አበጀለት፣ በጽሑፍ አሠረው። አንዱ የተኛ፣ አንዱ የነቃ አልነበረም። የያዙት ጭንቀት ግን የተለያየ ነበር።

የአውሮፓውን እንይ። ከሬኔሳንስ በፊት የነበረው የብዙ ድምፅ አዘማመር እንዲህ ነበር፦ አንዱ ዘማሪ የታወቀውን የቤተ ክርስቲያን ዜማ እያንዳንዱን ድምፅ አርዝሞ ይይዛል፤ ሌሎቹ በላዩ ላይ ይጫወታሉ። ያዡ መሠረት ነው፣ ሌላው ጌጥ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ግን ይህ እኩል ያልሆነ ቤት ፈረሰ። እነ ጆስካን ደ ፕሬ አራቱንም ድምፅ እኩል አደረጓቸው፤ መሣሪያቸውም ቅብብል ነው። አንዱ ድምፅ አንድ ሐረግ ይጀምራል፤ ሳይጨርስ ሁለተኛው ያንኑ ሐረግ ከመጀመሪያው ይነሳል፤ ከዚያ ሦስተኛው፣ ከዚያ አራተኛው።

የጆስካን «አቬ ማሪያ» የሚባለው ሥራ፣ በ1502 ቬኒስ ውስጥ ከታተመው የፔትሩቺ መጽሐፍ የመጀመሪያው፣ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ቃሉ የሚጀምረው መልአኩ ለድንግል ባቀረበው ሰላምታ ስለሆነ ለማንም የተዋሕዶ ምእመን እንግዳ አይደለም። ከሁሉ በላይ ያለው ቀጭኑ ድምፅ ብቻውን ይነሳል። የመጀመሪያውን ሐረግ ሲያደርስ ሁለተኛው ድምፅ ስምንት ደረጃ ዝቅ ብሎ ያንኑ ይቀበላል፤ ሦስተኛው በሁለተኛው ቁመት፣ ወፍራሙ አራተኛ ደግሞ እንደገና ስምንት ደረጃ ዝቅ ብሎ። ለቀጣዩ ሐረግ አዲስ ዜማ ይመጣና እንደገና ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ለእያንዳንዱ የቃል ሐረግ የራሱ ዜማ አለው፤ አራቱም ሰው ቃሉን በየተራው በሙሉ ይለዋል። ያዥና ጌጥ የሚባል ነገር ቀርቷል።

ይህን ማድረግ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። አንድ ሰው ዶ ሬ ሚ ሬ ይበል። ሁለተኛው ሰው ያንኑ ዜማ አንድ ድምፅ ዘግይቶ ይነሳ። የመጀመሪያው ሬ ላይ ሲደርስ ሁለተኛው ዶ ይላል፤ ሁለቱ ጎረቤት ድምፆች ናቸው፣ ይጋጫሉ። ቀጥሎ ሚ እና ሬ፤ አሁንም ግጭት። ቅብብሉ አልተሳካም ማለት ነው። ሁለተኛው ሰው ሁለት ድምፅ ዘግይቶ ቢገባስ? የመጀመሪያው ሚ ሲል ሁለተኛው ዶ ይላል፤ ይስማማሉ። ቀጥሎ ሬ እና ሬ፤ አንድ ናቸው። አሁን ሁለተኛው ሚ ሊል ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያው አምስተኛ ድምፁን እንደፈለገ መምረጥ አይችልም፤ ሶል ቢል ይስማማል፣ ፋ ቢል ይጋጫል። እያንዳንዱ ድምፅ ከኋላው የሚመጣውን ራሱን እየጠበቀ መሄድ አለበት። ይህንን ወደ አራት ሰው አብዙት፤ ደራሲው የመጀመሪያዋን ሐረግ ሲጽፍ ሦስት ጥላዎች እንደሚከተሏት እያሰበ ነው የሚጽፈው።

ካውንተርፖይንት የሚሉት ይህን ነው። ደንቦቹ ብዙ ቢመስሉም ሥራቸው ሁለት ነው፦ ድምፆቹ ተስማሙ፣ ግን አንዱ ሌላውን አይዋጠው። ሁለት ድምፆች በአምስት ደረጃ ወይም በስምንት ደረጃ ተራርቀው ጎን ለጎን እየተከታተሉ መሄዳቸው የተከለከለው መጥፎ ስለሚሰማ አይደለም፤ እንዲህ ከሄዱ ጆሮ እንደ አንድ ድምፅ ስለሚሰማቸው ነው። አራት ቀጥረህ ሦስት ሰማህ ማለት ነው።

ግጭትም ቢሆን አልተባረረም፤ ሥርዓት ተበጀለት። ወፍራሙ ላ ሲል ቀጭኑ ዶ ይላል፤ ይስማማሉ። ቀጭኑ ዶውን እንደያዘ ወፍራሙ ወደ ታች ሬ ይወርዳል፤ አሁን ዶ በሬ ላይ ይጋጫል፣ ጆሮ ይጨነቃል። ቀጭኑ አንድ ደረጃ ወርዶ ሲ ሲል ጭንቀቱ ይፈታል፤ ከዚያ ሁለቱም ዶ ላይ ያርፋሉ። ግጭቱ በስምምነት ተዘጋጅቶ ይገባል፣ ሳይወረወር ይያዛል፣ አንድ ደረጃ ወርዶ ይፈታል። የሐረግ መዝጊያ ሁሉ ማለት ይቻላል በዚህ መንገድ ነው የሚዘጋው። የዚያን ዘመን ዝማሬ ሳይቸኩል እየጨነቀ የሚያሳርፍ የሚመስለው ከዚህ የተነሳ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ጥራት በዚያ ዘመን ለምን መጣ? መልሱ ብልህነት አይደለም። የመጀመሪያው ምክንያት ጊዜን የሚለካ አጻጻፍ ነው። ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ አውሮፓውያን የድምፁን ከፍታ ብቻ ሳይሆን ርዝመቱንም በምልክቱ ቅርጽ መጻፍ ችለው ነበር፤ ይህ ድምፅ የዚያ ግማሽ ነው፣ ያኛው የዚህ ሦስት እጥፍ ነው ብለው። ያለዚህ ከላይ ያየነው ዶ ሬ ሚ ሬ በወረቀት ላይ ሊሰላ አይችልም። ሁለተኛው ሰው «ሁለት ድምፅ ዘግይቶ» የሚገባው ድምፁ የታወቀ ርዝመት ሲኖረው ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ገንዘብ ነው። የኢጣሊያ መሳፍንት በቤተ ጸሎታቸው ዘማሪ እንደ ፈረስ ይወዳደሩበት ነበር። የፌራራው መስፍን በ1502 ደራሲ ሲፈልግ ወኪሉ ሁለት ስም አቀረበለት። አንደኛው ይሥሐቅ የተባለው ነው፤ ጠባዩ መልካም ነው፣ ቶሎ ቶሎ አዲስ ይሠራል፣ 120 ዱካት ይበቃዋል። ሁለተኛው ጆስካን ነው፤ የተሻለ ይሠራል፣ ግን ሲፈልግ እንጂ ሲታዘዝ አይሠራም፣ 200 ዱካት ይጠይቃል። መስፍኑ ጆስካንን ቀጠረ። ከዚህ ደብዳቤ የሚታየው ትልቁ ነገር ደመወዙ አይደለም፤ የሚፈለገው አዲስ ሥራ መሆኑ ነው። ጌታው የሚከፍለው ትናንት ያልነበረ ዜማ እንዲሰማ ነው። በ1501 ፔትሩቺ የብዙ ድምፅ ዜማ በማተሚያ ማሳተም ሲጀምር ደግሞ በቬኒስ የተሠራ ዘዴ በሌላ አገር ያለ ደራሲ ጠረጴዛ ላይ ደረሰ፤ አንዱ ከሌላው እየቀዳ፣ እየበለጠ ሄደ።

ወደ ጋይንት እንመለስ። የገላውዴዎስ ዘመን ሊቃውንት ከፊታቸው የነበረው ምንድን ነው? ከ1529 እስከ 1543 የቆየው ጦርነት ማግሥት ነው። አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፣ መጻሕፍት ጠፍተዋል፣ ዜማ በቃሉ የያዘ መምህር ሲሞት ዜማው አብሮት ይቀበራል። የእነሱ ጭንቀት አዲስ ዜማ ማግኘት ሳይሆን ያለውን አለማጣት ነበር። የሠሩት መሣሪያም ለዚሁ ጭንቀት የተቆረጠ ነው። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ የሚባሉት ምልክቶች ድምፁ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ያሳያሉ። ከእነሱ ጋር የሚጻፉት ፊደላት ደግሞ ከታወቀ ሥረይ የተቆረጡ ናቸው፤ ተማሪው ፊደሏን ሲያይ በቃሉ የሚያውቀው ያ ዜማ ትዝ ይለዋል፣ በአዲሱ ቃል ላይ ያውለዋል። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ይህን ሁሉ በየስልታቸው ይለዩታል።

ይህ አጻጻፍ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ አይናገርም። የከፍታውን ልክ በቁጥር አይናገርም። ከመምህር ያልተማረ ሰው ብቻውን ሊያነበው አይችልም። ብዙዎች ይህንን ጉድለት ይሉታል። የታሰበው ግን መጽሐፉ መምህሩን እንዲተካ አይደለም፤ መጽሐፉ የመምህሩን ትዝታ እንዲጠብቅ ነው። ተማሪው ድጓውን በራሱ እጅ የሚጽፈው፣ በመምህሩ ፊት ቁጭ ብሎ ቃል በቃል የሚታረመው ለዚህ ነው። እንዲህ ያለ አጻጻፍ አንድን ዜማ ለዘመናት ይጠብቃል። አራት ሰዎችን በአንድ ቅጽበት ተራርቀው እንዲገናኙ ማድረግ ግን አይችልም። የአውሮፓው ደግሞ አራቱን ያገናኛል፤ የርክርክን መንቀጥቀጥ ግን መጻፍ አይሆንለትም።

«አልሰሙም ነበር» የሚለውም አያስኬድም። በ1520 ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል የመጣው የፖርቱጋል መልእክተኛ ቡድን ኦርጋን በስጦታ ይዞ፣ ኦርጋን የሚመታ ሰውም ጨምሮ ነው የመጣው፤ አብሯቸው የነበረው ቄስ አልቫሬዝ ጽፎታል። ብዙ ድምፅ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ የማይገባ ነገር ነው የሚለውም እንዲሁ ስህተት ነው። የጋሞ ደጋ ዶርዜዎች ያለ አንዳች ጽሑፍ ብዙ ድምፅ እያነባበሩ ይዘፍናሉ። የእነሱ አሠራር አጭር ዙር እየተደጋገመ ስለሚሄድ ወረቀት አያስፈልገውም። የጆስካን ዓይነቱ ግን ሐረጉ ሳይደገም ስለሚረዝም ወረቀት ይጠይቃል።

አሁን ወደ ቃሉ። የቅብብል ትልቁ ዕዳ እዚህ ነው። አራት ሰዎች አንድ ዓረፍተ ነገር በተለያየ ጊዜ ሲጀምሩ በአንድ ቅጽበት አራት የተለያዩ ፊደላት ይሰማሉ። እያንዳንዱ ዘማሪ ቃሉን በሙሉ ብሏል፤ ምእመኑ ግን ምንም አልሰማም። ድምፆቹን እኩል ያደረገው ዘዴ ራሱ ቃሉን አጠፋው። በ1555 ለሦስት ሳምንት ብቻ የነገሡት ጳጳስ ማርሴሉስ 2ኛ በስቅለት ዕለት ዘማሪዎቹን ጠርተው የዕለቱ ቃል እንዲሰማ አድርጋችሁ ዘምሩ ብለው ገሠጿቸው። የትሬንት ጉባኤም ነገሩን አነሳው። በሚያዝያ 1565 የጳጳሱ ዘማሪዎች በአንድ ካርዲናል ቤት ተሰብስበው ቅዳሴ ዘመሩ፤ ዓላማው አንድ ብቻ ነበር፦ ቃሉ ይሰማል ወይስ አይሰማም?

ፓለስትሪና በእኒያው ጳጳስ ስም የሰየመው፣ በ1567 የታተመው ቅዳሴ የዚህ ጭንቀት ልጅ ነው። ስድስት ድምፅ አለው። ቃሉ ብዙ በሆነበት በጸሎተ ሃይማኖት ክፍል ቅብብሉን ይተወዋል፤ ዘማሪዎቹ አንዱን ፊደል በአንድ ጊዜ ይላሉ፤ ስድስቱም አይጮኹም፣ አሁን እነዚህ አራት፣ ቀጥሎ እነዚያ አራት እያለ ይለዋውጣቸዋል። ቃሉ ጥቂት በሆነበት፣ ለምሳሌ መጨረሻ ላይ ባለው የአሜን ዓይነት ቦታ፣ ቅብብሉን መልሶ ይለቀዋል። ይህ ሥራ ሙዚቃን ከእገዳ አዳነ የሚለው ተረት ነው። እውነቱ ግን ከተረቱ አያንስም፤ የዚያ ዘመን ጥራት የመጣው ሁለት መልካም ነገሮች፣ የድምፆች እኩልነትና የቃል መሰማት፣ ስለተጣሉ ነው። ዛርሊኖም ቃልን በዜማ ላይ ስለማስቀመጥ ደንብ ጻፈ፤ ረጅሙ ክፍለ ቃል ረጅም ድምፅ ያግኝ፣ አጭሩ አጭር፣ የመጨረሻው ክፍለ ቃል በመጨረሻው ድምፅ ላይ ይረፍ አለ። በንባብ ቤት ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይ፣ ሰያፍ እየተባለ በጥፊ የተማረ ሰው ይህን ደንብ ቢያነብ ፈገግ ይላል፤ ዜማ ሳይጀምር የጨረሰው ትምህርት ነው።

እርግጥ የእኛም ቤት ከዚህ ዕዳ ነፃ አይደለም። አንድ ድምፅ ስለሆነ ብቻ ቃል አይሰማም። በማሕሌት አንዷ ክፍለ ቃል በርክርክና በይዘት ተስባ ረጅም መንገድ ትሄዳለች፤ ግዕዝ የማያውቀው ምእመን ይቅርና የሚያውቀውም ቃሉ የት እንደደረሰ ሊጠፋው ይችላል። ልዩነቱ የጠፋበት መንገድ ነው። በሮም ቃሉ በቃል ላይ ተነባብሮ ይጠፋል፤ በጋይንት ቃሉ ረዝሞ ይጠፋል። ለረዘመው መድኃኒት አለ፤ ንባቡን ቀድሞ ማወቅ። ለተነባበረው ግን ደራሲው ራሱ ካልተወው በስተቀር ሰሚው ምንም ማድረግ አይችልም።

ይህ ሁሉ የሩቅ ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ባላስፈለገ ነበር። ዛሬ ግን የያሬድን ዜማ በኪቦርድ አጅቦ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ድምፅ ጨምሮ ማቅረብ «ማዘመን» እየተባለ ነው። ሐሳቡ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ደቡብ ጎንደር ራሷ አዲስ ነገር ትወልዳለች፤ የፎገራው ተወላጅ አለቃ ገብረ ሐና የጣናን ሞገድ አይተው አዲስ ዝማሜ እንዳወጡ፣ ጎንደር ላይ ተቀባይነት ሲያጣ ልጃቸው ተክሌ ደብረ ታቦር ላይ እንዳስተማረው ይነገራል። ያ ግን ዜማውን ሳይነካ የሰውነቱን እንቅስቃሴ የቀየረ አዲስ ነገር ነው። ሁለተኛ ድምፅ መጨመር እንዲህ ያለ ቀላል ለውጥ አይደለም።

ሁለተኛ ድምፅ የሚፈልገው የተለካ ጊዜ ነው። ኪቦርዱ በአራት ምት ሲሄድ ዘማሪው ርክርኩን በምቱ ልክ መቁረጥ አለበት፤ አለበለዚያ ይለያያሉ። የኪቦርዱ ድምፆች በእኩል ርቀት የተደረደሩ ናቸው፤ የአራራይ ድምፅ በሁለት ቁልፎች መካከል ሲወድቅ ወደ አንዱ ይጎተታል። አጃቢው ሳያስበው ዜማውን ያስተካክለዋል፣ ማለትም ያበላሸዋል። ይህን ለመለየት አንድ ቀላል መንገድ አለ። የተቀዳውን ለድጓ መሪጌታ ማሰማት፣ መጽሐፉን ሳያይ ከሰማው ብቻ ምልክቱን በቃሉ ላይ እንዲያስቀምጥ መጠየቅ። ያስቀመጠው ምልክት ከድጓው ጋር ከገጠመ ዜማው አለ። «ይህ ርክርክ ነው ወይስ ሂደት?» ብሎ ከተጠራጠረ ጠፍቷል፤ ምን ያህል ጣፋጭ አጀብ ቢኖረውም ጠፍቷል።

ብዙ ድምፅ የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ደራሲ ካለ ደግሞ መንገዱ ክፍት ነው። በግዕዝም ሆነ በአማርኛ ለብዙ ድምፅ የታሰበ አዲስ ቃል ይጻፍ፤ ቅብብሉን ከራሱ ዜማ ጋር እንዲገጥም አድርጎ ከመጀመሪያው ይሥራው፤ ቃሉ ሲነባበር ምን እንደሚጠፋ ፓለስትሪና እንዳደረገው ያስላው። ጆስካንም በ«አቬ ማሪያ» ለእያንዳንዱ ሐረግ አራት ሰው ሊከተለው የሚችል ዜማ ነው ያበጀው። ድጓው ግን ለአንድ ድምፅ የተቆረጠ ልብስ ነው፤ አራት ሰው ሊገባበት ሲሞክር መጀመሪያ የሚቀደደው ርክርኩ ነው።